እጥር ምጥን ያለች ማዘዣ

ነገር የሚያንዛዛ ሰው አልወድም። ሐኪሞቻችንን የማከብረውም ለዚህ ነው። ሌላው ሰው ለሠርግ መጥሪያ እንኳ ሁለት ገጽ ይፈጃል። እነሱ የሰውን ሕመም፣ መድኃኒቱንና ዕጣ ፈንታውን በአንድ ጭረት ይጨርሱታል።

የሚያሳዝኑኝ የማዘዣ ወረቀቱን ያሳተሙት ናቸው። ለታካሚው ስም፣ ለዕድሜ፣ ለክብደት፣ ለካርድ ቁጥር፣ ለበሽታው ዓይነት መስመር አስምረዋል። ከታች ደግሞ ለሐኪሙ ስም፣ ለሙያው፣ ለፊርማውና ለቀኑ። ይህን ሁሉ ንጹሕ መስመር ማን ጨክኖ በቀለም ያቆሽሸዋል?

ሰሞኑን የአክስቴን ማዘዣ ይዤ ከእሷው ጋር ቸርችል ጎዳና ወጣሁ። አክስቴ 58 ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት የእጇ ጣቶች ያብጣሉ፤ ሲኒ እንኳ አያስጨብጧትም። ሐኪሙ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ነው ብሏታል። ያላት በአፉ ነው እንጂ ወረቀቱ ላይ እንዲህ ያለ ወሬ የለም።

ወረቀቱ ላይ ስሟ አለ፤ የአባቷ ስም የለም። ዕድሜ ባዶ፣ የበሽታ ዓይነት ባዶ። መሃል ላይ ሦስት የፈረንጅ ፊደላት አሉ፦ ኤም፣ ቲ፣ ቀጥሎ ኤክስም ዜድም ሊሆን የሚችል ነገር። ከጎኑ 7.5። ነጥቧን ዝንብ ትጣላት ሐኪሙ ያስቀምጣት ለማወቅ አይቻልም። ከዚያ አንድ የባሕር ማዕበል፣ ከዚያ «ለ1 ወር»። ሁለተኛው መስመር ግን ግሩም ነበር፦ ፎሊክ አሲድ 5 ሚሊግራም፣ በቀን 1 ፍሬ። ቫይታሚኑ እንደ ፊደል ገበታ ጥርት ብሎ ተጽፏል። ያኛው ለባለ ቅኔዎች የተተወ ነው።

መጀመሪያ የገባንበት መድኃኒት ቤት ልጁ ምን ዓይነት ቀልጣፋ ነው መሰላችሁ! ወረቀቱን አንድ ጊዜ አየና «ሜትሮኒዳዞል ነው» አለ። የአሜባውን መድኃኒት መሆኑ ነው። ታዲያ 7.5 ምንድን ነው? «750 ለማለት ነው።» ባለ 250ዋን ካፕሱል ሦስት ሦስት በቀን ሦስት ጊዜ። ሒሳቡ ልክ ነው እኮ። ለአንጀት አሜባ 750 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ በእርግጥ ይታዘዛል። የቀረው የአክስቴ ጣት ላይ አሜባ መገኘቱ ብቻ ነው። የግምት ውበቱ እዚህ ላይ ነው። አንዴ ከገመትክ፣ ቁጥሩ ራሱ እየመጣ ይገጥምልሃል።

ለመክፈል ኪሴ ውስጥ እጄን ስከት አክስቴ «ለእጄ እኮ ነው ልጄ» አለች። ልጁ ፊቱን ቅጭም አደረገ። ወጣን።

ወደ ለገሃር ወረድ ብለን ሌላ ፋርማሲ ገባን። እዚህ ያለችው ፋርማሲስት ደግሞ ደረቅ ናት፤ የሰው ቅኔ አታደንቅም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና መደርደሪያውን ዞር ብላ እንኳ አላየችም። ጥያቄ ጀመረች። «እናቴ፣ ምንዎን ነው ያመመዎት? ከዚህ በፊት ወስደውት ያውቃሉ? አሁን የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ? የደም ምርመራ አድርገዋል?» ከኋላችን የቆመ ሰውዬ «የምትሸጪ ከሆነ ሽጪ፣ ፍርድ ቤት አደረግሽው እኮ!» አላት። ሕዝባችን አገልግሎት ያውቃል። መድኃኒት እንደ ትኩስ ዳቦ ቶሎ ሲሰጥ ደስ ይለዋል።

የቁርጥማቱን ነገር ስትሰማ ሜትሮኒዳዞሉን ጣለችው። «ሜቶትሬክሴት ይመስለኛል» አለች። «ግን መምሰል አይበቃም።» እስክሪብቶ አነሳችና ወረቀት ላይ አሰላች። የመድኃኒቱ አንድ ፍሬ 2.5 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ 7.5 ማለት 3 ፍሬ ነው። ለቁርጥማት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ለአንድ ወር 12 ፍሬ ይበቃል። ያቺን ማዕበል «በየቀኑ» ብላ ካነበበቻት ግን 90 ፍሬ ትቆጥራለች። አክስቴም በሳምንት 7.5 መውሰድ ሲገባት 52.5 ትውጣለች፤ ሰባት እጥፍ።

ያ ከሆነ ምን እንደሚመጣ ጠየቅኳት። መድኃኒቱ ሴሎች ለመባዛት በፎሊክ አሲድ እንዳይጠቀሙ ያግዳል አለችኝ። በሳምንት አንድ ቀን ሲሆን ሰውነት ያገግማል። በየቀኑ ሲሆን ግን ደም የሚሠራው የአጥንት መቅኔ ፋታ ያጣል። አፍ ይቆስላል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ ደም አልቆም ይላል፤ ሰው ይሞትበታል። ከሥር ያለው «በቀን 1 ፍሬ» የሚለው ጥርት ያለ ጽሑፍ ደግሞ ላይኛውንም በቀን ነው ብሎ ለማንበብ ይጋብዛል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ትንንሽ ቢጫ ፍሬ ናቸው። እንዲህ የተቀነባበረ ድርሰት ሳላደንቅ ማለፍ አልችልም።

አሁን ለሐኪሙ ይደወል ተባለ። ለማን? ፊርማው የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ የሣለው ይመስላል። ስም የለም፣ ስልክ የለም። ያለው ግማሹ ብቻ ያረፈ ማኅተም ነው። ፋርማሲስቷ ከማኅተሙ የጤና ተቋሙን ስም ለቀመች። አክስቴ ከቦርሳዋ ካርዷን አወጣች። በካርድ ቁጥሩ ካርድ ክፍል ተደወለ፤ ካርድ ክፍል ወደ ተመላላሽ ክፍል አሳለፈ። በሦስተኛው ስልክ ባለ ቅኔው ተገኘ።

«ዶክተር፣ ከፋርማሲ ነው የምደውለው። ዛሬ ለአንዲት እናት ያዘዙትን ላረጋግጥ ነበር።» የመድኃኒቱን ስም እሷ አልነገረችውም። ምን እንዳዘዘ እንዲናገር ጠበቀች። እሱም ሜቶትሬክሴት አለ።

«በስንት ጊዜ?»

«በሳምንት ነዋ! ግልጽ አድርጌ ጽፌዋለሁ እኮ።»

ማዕበሏ ለካ «በሳምንት» ኖራለች። እኔም አፈርኩ። ፋርማሲስቷ መልሳ አነበበችለት፦ ሰባት ነጥብ አምስት ሚሊግራም፣ ሦስት ፍሬ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ በጠቅላላው 12 ፍሬ። «አዎ» አለ። የጉበት፣ የኩላሊትና የደም ምርመራው መታየቱንም ጠየቀችው። ፎሊክ አሲዱ ሜቶትሬክሴቱ በሚወሰድበት ቀን ይዘለል እንደሆነም አስነገረችው። ይዘለል አለ።

ከዚያ ማዘዣው ላይ የሐኪሙን ስም፣ የደወለችበትን ሰዓትና የተባባሉትን ጽፋ ፈረመች። ለአክስቴ «የማይረሱት ቀን የትኛው ነው?» አለቻት። «እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ» አለች አክስቴ። ከረጢቱ ላይ በአማርኛ «እሁድ ብቻ፣ 3 ፍሬ» ተጻፈ። ሌላኛው ላይ «ከእሁድ በቀር በየቀኑ 1 ፍሬ»። ሙሉ ፓኮውን አልሰጠችንም፤ 12 ቆጥራ ብቻ። «አፍዎ ከቆሰለ ወይም ትኩሳት ከመጣ መድኃኒቱን አቁመው ያን ቀኑኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ባክትሪም ማንም ቢያዝልዎት መጀመሪያ ይሄን እንደሚወስዱ ይንገሩት፤ አብረው አይሆኑም።»

አርባ ደቂቃ ፈጀን። አክስቴ እግሯ እንደደከማት ሁሉ የመጀመሪያውን ልጅ አስታወሰች። «እሱስ ቶሎ ይሰጣል» አለች።

ከኋላችን የነበረው ሰውዬ አንገቱን አስግጎ የፋርማሲስቷን ጽሑፍ ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

«ይሄ የሐኪም ጽሑፍ አይደለም» አለኝ በጥርጣሬ። «ይነበባል።»