የጉንፋን ክኒንና ፓራሲታሞል

«የጉንፋን ክኒን እየወሰድኩ ለራስ ምታቴ ፓራሲታሞል ብደርብ ችግር አለው?»

ብዙዎቹ የጉንፋን ክኒኖች ራሳቸው ፓራሲታሞል ስላለባቸው፣ ከመደረብዎ በፊት በማሸጊያው ላይ የተዘረዘረውን ይዘት ያንብቡ፤ ከአሜሪካ በመጣ መድኃኒት ላይ «አሲታሚኖፌን» ተብሎ የሚጻፈውም ያው ፓራሲታሞል ነው። ለጤናማ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ጣሪያው 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራም 8 ፍሬ ነው። ሁለት ሁለት ፍሬ በቀን አራት ጊዜ የሚወስድ ሰው ጣሪያው ላይ ስለደረሰ፣ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ያለበትን የጉንፋን ክኒን ሦስት ጊዜ ሲጨምርበት በጠቅላላው 5.5 ግራም ወደ ሰውነቱ ይገባል። ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች ለሆነ፣ መጠጥ ለሚያዘወትርና ጉበቱን ለሚያመው ሰው ደግሞ መጠኑ ከዚህም ዝቅ ሊል ስለሚገባ ሐኪም ይወስንለት። ጉበት እየተጎዳም በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይሰማ ይችላልና፣ መጠኑን ካለፉ ሕመም እስኪጀምርዎ ሳይጠብቁ ማሸጊያዎቹን ይዘው ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ ማርከሻው ይበልጥ የሚሠራው ቶሎ ሲሰጥ ነው።