ጥፋቱ የቃሉ አይደለም

«አንድ ማስታወቂያ ሁለት ትርጉም የሚሰጠው፣ ውስጡ ሁለት ፍቺ ያለው ቃል ሲኖር ብቻ ነው።»

ብቻ እንኳን አይደለም። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ አንድ ግቢ በር ላይ «አሮጌ ወንበሮችና ጠረጴዛዎች ይሸጣሉ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ጎረቤቴ አዲስ ጠረጴዛ ፈልጋ በባጃጅ ከነፈች። የጠበቃት እግሩ የሚወላገድ ጠረጴዛ ነው።

«አሮጌ ያላችሁት ወንበሩን አይደል እንዴ?»

«ሁለቱንም ነው እንጂ እህቴ!»

ከቃላቱ አንዱም ሁለት ፍቺ የለውም። ያከራከራቸው «አሮጌ» እስከ የት ይደርሳል የሚለው ነው፤ ወንበሮቹ ላይ ይቆማል ወይስ ጠረጴዛዎቹንም ይጨምራል? ይህ የመዋቅር አሻሚነት ነው። «ጠረጴዛዎችና አሮጌ ወንበሮች» ብላችሁ ቦታ ብትቀይሩ፣ ያው ቃላት እያሉ አሮጌነቱ ወንበሮቹ ላይ ብቻ ይቀራል።

የቃል አሻሚነት ሌላ ነው። «ሱቁ የሚከፈተው ገና ነው» ቢባል፣ ለበዓሉ ነው ወይስ ጊዜው አልደረሰም? እዚህ የቃላቱን ቦታ ማቀያየር አይጠቅምም። «ገና»ን አውጥቶ «ለልደት በዓል» ማለት ግን ይፈታዋል። በነገራችን ላይ፣ ጮክ ብሎ ማንበብም ይበቃል፤ የበዓሉ «ና» ይጠብቃል፣ የሌላው ይላላል። ፊደላችን ይህን አያሳይም።

ጎረቤቴ ወንበር ገዝታ ተመለሰች።