ሥራ አስኪያጁን አየን፤ ባለቤቱስ?

«ጤና ይስጥልኝ። ቡሬ አካባቢ ነው የምኖረው። አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር በቆሎ በዱቤ እንድንሸጥለት ጠይቆናል። ሥራ አስኪያጁን እናውቀዋለን። የባለቤቶቹን ስም ግን የትም ተጽፎ አላገኘንም። ማን እንደሆኑ እንዴት እንወቅ?»

መጀመሪያ ደረሰኝ ይፈልጉ። ድርጅቱ ለማንም ቢሆን የቆረጠው የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ይበቃል። ከላይ አሥር አኃዝ ያለው ቲን ቁጥር አለ። ስም ያሳስታል፤ አንዱ በ«ሀ» አንዱ በ«ኃ» ይጽፈዋል፣ ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ድርጅትም አይጠፋም። ቲን ግን የአንድ ድርጅት ብቻ ነው። ቁጥሩን etrade.gov.et ላይ ሲያስገቡ የድርጅቱ ስም፣ የምዝገባ ቁጥሩ፣ ካፒታሉ፣ ፈቃዶቹ እና የሥራ አስኪያጁ ስም ይወጣሉ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ስሙ ወጥቷል፣ በቃ ባለቤቱ እሱ ነው ይላል። ሥራ አስኪያጅ ግን ደመወዝተኛ ሊሆን ይችላል። አንድም አክሲዮን ሳይኖረው ውል ይፈርማል፣ መኪና ይልካል፣ «ነገ ይከፈላል» ይላል። ነገ ከሥራው ቢለቅ እናንተ ማንን ልትይዙ ነው?

የባለቤቶቹ ስም ያለው የንግድ መዝገብ ፋይሉ ውስጥ ነው። ፋይሉ ደግሞ ድርጅቱ በተመዘገበበት ቦታ ነው የሚቀመጠው። ቡሬ ላይ ትልቅ መጋዘን ያለው ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ሊሆን ይችላል። ቡሬ ያለው ቅርንጫፍ ብቻ ከሆነ ሙሉውን ፋይል ቡሬም ፍኖተ ሰላምም ቢመላለሱ አያገኙትም። ስለዚህ ከመንገድ በፊት የምዝገባውን ቦታ ያጣሩ።

ፋይሉ ሲገኝ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው መመሥረቻ ጽሑፉን ነው። ልክ ነው፣ የአባላቱ ስምና የእያንዳንዱ ድርሻ እዚያ ላይ አለ። ነገር ግን መመሥረቻ ጽሑፍ የሚነግረን ድርጅቱ በተመሠረተበት ቀን ባለቤቶቹ እነማን እንደነበሩ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ያለው በቃለ ጉባኤዎቹ ላይ ነው። አክሲዮን ሲተላለፍ፣ ካፒታል ሲያድግ፣ አባል ሲወጣና ሲገባ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ላይ ይጸድቃል፣ ከዚያም ፋይሉ ውስጥ ይገባል።

ያየሁትን አንድ ፋይል ስም ሳልጠራ ላሳያችሁ። ድርጅቱ በ500,000 ብር ካፒታል ተመሠረተ። እያንዳንዱ አክሲዮን 1,000 ብር ነው፤ ስለዚህ 500 አክሲዮን አለ። ባል 300፣ ሚስት 200 ያዙ። መመሥረቻ ጽሑፉን ብቻ ያየ ሰው ባልየው 60 በመቶ አለው ብሎ ይሄዳል።

ከሦስት ዓመት በኋላ የተያዘው ቃለ ጉባኤ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ባልየው 250 አክሲዮኖቹን ለሌላ የግል ማኅበር አስተላልፏል። በዚያው ስብሰባ ካፒታሉ ወደ 2,000,000 ብር አደገ። አዲሶቹን 1,500 አክሲዮኖች በሙሉ የወሰደው ያው አዲስ የገባው ማኅበር ነው። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ከ2,000 አክሲዮን ባልየው የቀረው 50 ነው፣ ሚስት 200፣ ማኅበሩ 1,750። ባልየው ከ60 በመቶ ወደ 2.5 በመቶ ወርዷል። ማኅበሩ 87.5 በመቶ ይዟል።

ማኅበር ግን ሰው አይደለም። ስለዚህ የእሱም ፋይል መከፈት አለበት። ሲከፈት 70 በመቶው በአንድ ሰው ስም ተገኘ። የ87.5 በመቶው 70 በመቶ ሲሰላ 61.25 በመቶ ይመጣል። ያ ሰው በመጀመሪያው ፋይል ላይ ስሙ አንድም ቦታ የለም። ግን ድርጅቱ የእሱ ነው።

ፋይሉን ሲያገላብጡ ፊርማዎቹንም ይዩ። አባላቱ ሦስት ሆነው በየቃለ ጉባኤው የሚፈርመው አንድ ሰው ከሆነ፣ ከስሙ ጎን «በውክልና» የሚል ከነቁጥሩና ከነቀኑ ይኖራል። ውክልና በራሱ ጥፋት የለውም፤ ውጭ አገር ያለ አባል ሁሉ ወኪል አለው። ነገር ግን ሁሉንም ወክሎ፣ መሸጥንም መግዛትንም ጨምሮ የሚፈርመው ሁልጊዜ አንድ ሰው ከሆነ፣ አባላቱ ስም ያዋሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ወረቀት ብቻውን አያረጋግጥም። ለመጠየቅ ግን በቂ ምክንያት ነው። ስሞችን ሲያነጻጽሩ ደግሞ እስከ አያት ይሂዱ። የአባትና የአያት ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ወንድማማች ሊሆኑ ይችላሉ። ባልና ሚስትን ግን በስም አያገኟቸውም፤ እነሱን አንዳንዴ የሚያጋልጣቸው ተመሳሳይ የቤት ቁጥር ነው።

ከፋይል ውጭ አንድ የምወደው ምንጭ አለ፤ የባንኮች የሐራጅ ማስታወቂያ። ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የተበዳሪው ስም በአንድ ዓምድ፣ የአስያዡ ስም በሌላ ዓምድ ይጻፋል። ተበዳሪው ድርጅት ሆኖ ቤቱን ያስያዘው ግለሰብ ከሆነ፣ ያ ግለሰብ ከድርጅቱ ጋር የጠበቀ ነገር አለው። ማንም ለማያውቀው ድርጅት ቤቱን አያስይዝም።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። ፋይሉን ለመጠየቅ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ «ባለቤት ነዎት? ወኪል ነዎት? ካልሆኑ አይሰጥም» የሚል መልስ ሊገጥምዎት ይችላል። እኔም ገጥሞኛል። የንግድ መዝገብ የተፈጠረው እኮ ከድርጅቱ ጋር የሚነግድ ሰው ከማን ጋር እንደሚነግድ እንዲያውቅ ነው። ባለቤቱማ የራሱን ስም ያውቀዋል! የሥራ አስኪያጁ ስም ለሁሉም በስክሪን እየታየ የአባላቱ ስም መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥበት ምክንያት አይታየኝም። አድራሻና ስልክ ይቅር። ስምና የድርሻ መጠን ግን ከሥራ አስኪያጁ ስም ሥር አብሮ ይውጣ። ቃለ ጉባኤ በተመዘገበ ቁጥር ደግሞ ይታደስ።

እስከዚያው እምቢ ካሉዎት ጥያቄውን በጽሑፍ ያስገቡ፣ ቀሪው ላይ ማኅተም ያስመቱ። ክስ ላይ የደረሰ ጉዳይ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ፋይሉ እንዲቀርብ ትዕዛዝ እንዲሰጥ ይጠይቁ። እናንተ ግን ገና አልሸጣችሁም፤ ከሁሉም የተሻለ አቅም ያላችሁ አሁን ነው። የመመሥረቻ ጽሑፉንና የቃለ ጉባኤዎቹን ሁሉ ቅጂ ድርጅቱ ራሱ ያምጣ በሉ። ብድር ሲጠይቅ ለባንክ የሚያቀርበው ይህንኑ ነው። ለእናንተ የሚከብድበት ምክንያት የለም።

ስሙን ማወቅ ብቻውን ግን ገንዘብ አያስመልስም። ማኅበሩ ኃላፊነቱ የተወሰነ ስለሆነ በመርህ ደረጃ ዕዳው የማኅበሩ ነው፤ የአባሉ ቤት አይነካም። ስለዚህ እንደዚያ ባለ 61.25 በመቶ ሰው ላይ ስትደርሱ የግል ዋስትና ይፈርም። በጽሑፍ ይሁን፣ ምስክሮችም ይኑሩ፤ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ትፈርም። «ለዕዳው ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚል አረፍተ ነገር ብቻ እንዳትቀበሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የዋስትናው ከፍተኛ መጠን በውሉ ላይ ካልተጠቀሰ ዋስትናው አይጸናም። የበቆሎውን ዋጋ ደምራችሁ በአኃዝም በፊደልም አስጽፉት፤ ከዚያ ጆንያው ይጫን።