ማስተካከያ፦ የስልክ ዝማኔ ዘመን የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው?

«የ5 ዓመት የደኅንነት ዝማኔ ያለው ስልክ ከገዛችሁበት ቀን ጀምሮ 5 ዓመት ዝማኔ ያገኛል።» ባለፈው ጽሑፌ ያሰፈርኩት ይህ ዓረፍተ ነገር ስህተት ነው፤ አንባቢዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አምራቾች በይፋዊ የድጋፍ ገጾቻቸው እንደሚገልጹት፣ ጊዜው የሚቆጠረው ሞዴሉ መጀመሪያ ለገበያ ከቀረበበት ወር ነው። ጎግል ፒክስል 6ን በኦክቶበር 2021 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ሲያቀርብ ቃል የገባው እስከ ኦክቶበር 2026 ድረስ ነበር፤ ስለዚህ ስልኩን በ2025 መጀመሪያ ካርቶኑ ሳይከፈት የገዛ ሰው እንኳ የሚቀረው ሁለት ዓመት የማይሞላ ጊዜ ነው። ገደቡ የሚመጣው አምራቹ እያንዳንዱን ዝማኔ ለየሞዴሉ አስማምቶ መፈተሽ ስላለበት ነው፤ ቺፑን የሠራው ድርጅት ለአሮጌው ቺፕ የሚሰጠውን ሶፍትዌር ሲያቆም ደግሞ ሥራው እጅግ ይከብዳል።

ጊዜው ሲያልቅ ስልኩ አይዘጋም፤ ይደውላል፣ መተግበሪያዎቹም ለተወሰኑ ዓመታት ይታደሳሉ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ በስርዓቱ ውስጥ የሚገኙ አዳዲስ የደኅንነት ክፍተቶች አብዛኛዎቹ ሳይደፈኑ ይቀራሉ፤ ይህም በተለይ በስልኩ የባንክ ሒሳቡን ለሚያንቀሳቅስ ሰው አሳሳቢ ነው።

ያገለገለ ስልክ የምትገዙ ከሆነ፣ ከሻጩ ፊት Settings ውስጥ ገብታችሁ Android security update በሚለው ሥር የተጻፈውን ቀን ተመልከቱ። ስልኩ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ አዲስ ዝማኔ ከተፈለገ በኋላም ቀኑ ከዓመት በላይ ወደ ኋላ የቀረ ከሆነ፣ ዝማኔው ሳይቋረጥ አልቀረም።