ወርቁን ይዞ ሰም ፍለጋ

ዘፈን የጠፋበት ሰው ብዙ ነው። አንዱ ዜማውን ይይዝና ስሙ ይጠፋዋል፤ ሲያንጎራጉር ሰው ይስቅበታል፣ ከሚስቁት አንዱ ግን ያውቅለታል። ሌላው ግማሽ ስንኝ ይዟል። እኔ የያዝኩት ትርጉሙን ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሲፈልግ፣ እኔ ወርቁን በኪሴ ይዤ ሰሙን ስፈልግ ከረምኩ።

ነገሩ የተጀመረው ረጅም መንገድ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ጓደኛዬ ከማዳመጫው አንዱን ጆሮ ሰጠኝና ዘፈኑን ይተረጉምልኝ ጀመር። «አትተዪኝ... አትተዪኝ... የዝናብ ዶቃ አመጣልሻለሁ... ዝናብ ከማይዘንብባቸው አገሮች...» እንዲህ ያለ ስጦታ ሰምቼ አላውቅምና ልቤ ተነካ። ልቤ ሲነካ ጆሮዬ እንደተዘጋ ግን አላስተዋልኩም። የሰማሁት ለካ ዘፈኑን ሳይሆን ጓደኛዬን ነበር።

ከወራት በኋላ ዘፈኑ አማረኝና ደወልኩለት። «እኔ? ስንቱን ተርጉሜልህ የትኛውን ላስታውስ!» አለ።

ሌሎቹን ጠየቅኩ።

«ይወዳታል?»

«አዎ።»

«ልትተወው ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ እንዲህ ያልሆነው ዘፈን የትኛው ነው?»

እውነታቸውን ነው። «እወድሻለሁ» እና «አትሂጂ» ለፍለጋ አይረዱም፤ የዓለም ዘፈን ግማሹ ይኸው ነው። ዘፈን በስልክ አሰምቶ ስሙን የሚያስገኘው መተግበሪያም አላዋጣኝም። እሱ የሚያወዳድረው ድምፅ ከድምፅ ጋር ነው፤ እኔ «የዝናብ ዶቃ» እያልኩ ብለምነው ምን ያድርግ? በእንግሊዝኛ `beads of rain` ብዬ ስፈልግ ደግሞ የአንገት ጌጥ ሻጮች ወረዱብኝ።

ከዚያ አንድ አዋቂ ወዳጄ «ዜማው እንዲህ አይደለም?» ብሎ አንድ የእንግሊዝኛ ዘፈን ከፈተልኝ። ግጥሙን እያነበብኩ አዳመጥኩ። መለያየት አለ፣ ልመና አለ፣ ዶቃ ግን የለም። «ይሄ አይደለም!» አልኩት፣ ዜማውን እንደሚያውቅ ሰው። የዘፈን ትርጉም ሁለት ዓይነት መሆኑን ያኔ አላውቅም ነበር። አንዱ ቃሉን ያመጣና ዜማውን ይተዋል፣ እንደ ጓደኛዬ። ሌላው ዜማውን ይይዝና ለሱ የሚስማማ አዲስ ቃል ይሰፋለታል። ቀለሙና ቤት መምቻው በእንግሊዝኛ እንዲገጥም ሲባል የኔ ዶቃ መንገድ ላይ ተበጥሶ ቀርቷል። ትክክለኛውን ዜማ በእጄ መልሼ ገፋሁት ማለት ነው።

መፍትሔው የመጣው ሰውን ማስቸገር ትቼ መዝገበ ቃላት ስከፍት ነው። ፍቅሩን፣ ልመናውን፣ እንባውን ሁሉ ጣልኩና ሌላ ዘፈን ውስጥ የማይገኘውን አንዱን ነገር ብቻ አስቀረሁ፤ የዝናቡን ዶቃ። ቋንቋው ፈረንሳይኛ መሆኑን አውቃለሁ። ፈረንሳይኛው ደግሞ ለዶቃም ለዕንቁም አንድ ቃል ነው ያለው፤ `perle`። ጓደኛዬ ዕንቁውን ዶቃ አድርጎብኛል! (የሰው ስጦታ እንዲህ አይረከስም።) ከዚያ ጥቅሱን ከነምልክቱ ጻፍኩ፣ መጨረሻው ላይ «ግጥም» የሚለውን ቃል በራሳቸው ቋንቋ ጨመርኩ።

```
"perles de pluie" paroles
```

ወዲያው መጣ። ቤልጅጋዊው ዣክ ብሬል በ1959 ያወጣው «ነ መ ኪት ፓ»፣ «አትተዪኝ» ነው። ያ የገፋሁት የእንግሊዝኛ ዘፈንም በዚሁ ዜማ ላይ ሮድ ማኩን የገጠመው ሆኖ ተገኘ። ወዳጄን ይቅርታ መጠየቅ ይገባኝ ነበር፤ እስካሁን ቀጠሮ አልተመቸኝም።

በድል አድራጊነት ለተርጓሚው ጓደኛዬ ደውዬ ብሬልን አሰማሁት።

«ግጥሙ እሱ ነው» አለኝ፣ «ያን ቀን የሰማነው ግን ይህ ሰውዬ አይደለም። ሴት ናት።»

«ምን ሴት? አትተዪኝ ይል አልነበር?»

«ያልኩት እኔ ነኝ!»

ፈረንሳይኛው «አትተወኝ»ን ከ«አትተዪኝ» አይለይም። እኛ ግን አንቱ ካላልነው በቀር ወንድ ነው ሴት ሳንል አንድ ሰው መለመን አንችልም። ግጥሙ ወረድ ብሎ «ንግሥት ትሆኛለሽ» ስለሚል ጓደኛዬ ገና ከመጀመሪያው ለሴት አድርጎ ተረጎመው። እኔም ለሴት የሚለመነውን ሰምቼ ለማኙን ወንድ አደረግሁት፤ ጆሮዬ ላይ የሚያወራውም ጎርናና ድምፅ ያለው ጓደኛዬ ነበር። ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ ስትዘፍን የነበረችው ለካ ኒና ሲሞን ናት፣ በ1965 ባወጣችው አልበም።

የሷን ከፈትኩት። ፒያኖው ቀስ ብሎ ገባ፣ ድምጿ ተከተለ፤ አንዱንም አላውቀውም። ዕንቁው ጋ ስትደርስ ሳላስበው «ዶቃ» አልኩ፣ በጓደኛዬ ድምፅ።