እርማት፦ የበኩር ልጅ ጤንነት ለተከታዩ ዋስትና አይሆንም

«ባለቤቴ ኦ ኔጋቲቭ ናት፣ እኔ ኦ ፖዘቲቭ ነኝ። የመጀመሪያ ልጃችን እዚሁ ጎንደር በሰላም ተወለደ፤ ስለዚህ ሾተላይ አያሰጋንም፣ መርፌውም አያስፈልግም።»

ወንድሜ፣ ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። ደሙ ኦ የሆነ ሰው ኤንና ቢን የሚቃወሙ ፀረ እንግዳ አካላትን ደም ሳይሰጠው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያዳብራል፤ የማይስማማ ደም ሲሰጠው ወዲያው የሚጎዳውም ለዚህ ነው። ደምን ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ የሚያሰኘው የአርኤች ጉዳይ ግን ይለያል። ኔጋቲቭ የሆነች እናት ፖዘቲቭ ደምን የሚቃወመው ፀረ እንግዳ አካል፣ ፀረ ዲ፣ የሚፈጠርባት ፖዘቲቭ ደም ወደ ሰውነቷ ከገባ በኋላ ሲሆን፣ ይህም በአብዛኛው የሚያጋጥመው በወሊድ ጊዜ ስለሆነ የበኩር ልጅ ብዙውን ጊዜ ያመልጣል። በቀጣዩ እርግዝና ፅንሱ ፖዘቲቭ ከሆነ ፀረ ዲው የእንግዴ ልጁን አልፎ ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈርሳል፤ ደም ማነስና ብርቱ ቢጫነት፣ አንዳንዴም ሞት ያስከትላል።

የተወለደው ልጅ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ የእናቲቱ ሰውነት የራሱን ፀረ ዲ እንዳይፈጥር የሚከላከለው የፀረ ዲ መርፌ በ72 ሰዓት ውስጥ ሊሰጣት ይገባል። ፀረ ዲው አንዴ ከተፈጠረ ግን መርፌው አያጠፋውም። ስለዚህ የልጅዎን የደም ዓይነት ያጣሩ፤ ፖዘቲቭ ሆኖ ባለቤትዎ ካልተወጉ፣ ገና በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ፀረ ዲ በደማቸው መኖር አለመኖሩን የሚያሳየው ቀጥተኛ ያልሆነ የኩምብስ ምርመራ እንዲደረግላቸው ለሐኪሙ ይንገሩ።