ቀዩ ምልክት ከመጨረሻው መስመር ይነሣ

«እህቴ 9ኛ ክፍል ናት። የሠራችውን ሂሳብ ስክሪንሾት አድርጋ በቴሌግራም ላከችልኝ። መጽሐፉ መልሱ 1 ነው ይላል፣ እሷ ግን 1.5 አምጥታለች። እኔ ሂሳብ ከተውኩ ቆይቻለሁ። የቱ ጋ ነው የሳተችው?»

ምስሉ ላይ ያለው ይህ ነው። መስመሮቹን የቆጠርኳቸው እኔ ነኝ።

```
1)  5 − 2(x − 3) = 3(x + 2) − (x − 1)
2)  5 − 2x + 6 = 3x + 6 − x − 1
3)  11 − 2x = 2x + 5
4)  11 − 5 = 2x + 2x
5)  6 = 4x
6)  x = 1.5
```

አብዛኞቻችን የመጀመሪያው ሥራችን 1.5ን በቀይ ማክበብ ነው። እኔም አስጠኚ ሆኜ ስጀምር እንዲሁ አደርግ ነበር። ነገር ግን 6ኛው መስመር ምንም አላጠፋም፤ 6 ለ4 ሲካፈል 1.5 ነው። የተሳሳተውን መስመር ትቶ የመጨረሻውን መክሰስ፣ ልጅቷ ማካፈል እንደማትችል አድርጎ መንገር ነው።

ከማረም በፊት ግን አንድ ነገር ይታይ፦ 1ኛው መስመር ከመጽሐፉ ጋር አንድ ነው ወይ? በስክሪንሾት ጥያቄው ራሱ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ይቀራል፣ ምስሉ በደንብ ካልተነሣም ቀጭኗ ማይነስ ትጠፋለች። ሲገለብጡ የተሳሳቱትን በስሌት አይፈልጉትም። እህትህ ግን በትክክል ገልብጣለች፤ 1ን አስገብቼ አይቼዋለሁ፣ ግራውም ቀኙም 9 ይሆናል።

ይኸው ማስገባት ነው ስህተቱን የሚያወጣው። ትክክለኛውን መልስ ያዝና ከላይ ወደ ታች በየመስመሩ በ`x` ቦታ ተካው። 2ኛው ላይ ግራው 5 − 2 + 6፣ ማለትም 9 ነው። ቀኙ 3 + 6 − 1 − 1፣ 7 ሆነ። እኩልነቱ እዚህ ፈረሰ፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት ከ1 ወደ 2 ሲታለፍ ነው የተሠራው። ከዚያ በታች 1ን ማስገባት ምንም አይነግርህም፣ ሁሉም መስመር ይፈርሳልና። ከ3 እስከ 6 ያሉትን እያንዳንዱን ከበላዩ ካለው መስመር ጋር ብቻ አስተያይ። እንደዚያ ካየኸው አራቱም ትክክል ናቸው።

አንዳንዱ የተማሪውን መልስ ይዞ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። እዚህ ይሠራል፤ 1.5 ከ6 እስከ 2 ድረስ ይስማማል፣ 1ኛው ላይ ግራው 8 ቀኙ 10 ሆኖ ይለያያል። ስህተቱ ሁለት ቢሆን ግን ያሳስትሃል። 4ኛው መስመር ላይ `11 + 5` ብላ ቢሆን ኖሮ መልሷ 4 ይሆን ነበር። 4ን ይዘህ ብትወጣ ገና 3ኛው ላይ ይፈርስብህና የ2ኛውን ጥፋት ሳታየው ትቀራለህ። ከታች የሚወጣ ሰው የሚያገኘው የመጨረሻውን ስህተት ነው፤ የመጀመሪያውን የሚያገኘው ከላይ የወረደ ነው። መልሱ ከአንድ በላይ ከሆነም ሁሉንም አስገባ። `x² = 5x` ላይ ሁለቱንም ወገን ለ`x` አካፍሎ `x = 5` ያለውን ተማሪ በ5 ብትፈትነው ያልፋል። የሚያጋልጠው 0 ነው።

አሁን 2ኛውን መስመር ቀረብ ብለህ እየው። በግራ በኩል ማይነስ 2ን በማይነስ 3 አባዝታ ፕላስ 6 ብላለች። ስለዚህ ማይነስ በማይነስ ሲባዛ ፕላስ እንደሚሆን ታውቃለች። በቀኝ በኩል ግን `−(x − 1)` የሚለውን `−x − 1` አደረገችው። እዚያ ከቅንፉ ፊት ቁጥር አልተጻፈም፣ ማይነስ ብቻ ነው ያለው። የሚባዛ ነገር ስላላየች ቅንፉን ዝም ብላ አነሣችው። «የማይነስ ሕግ አልገባትም» ብለህ ሕጉን እንደገና ብታስተምራት የምታውቀውን ነው የምትነግራት።

ስለዚህ 2ኛው መስመር ላይ የመጨረሻዋን `− 1` ብቻ ክበብና ከጎኗ «ይህ ማይነስ ቅንፍ ውስጥ ለማን ለማን ይደርሳል?» ብለህ ጻፍ። ትክክለኛውን መስመር አትጻፍላት፣ ከ3 በታች ያለውንም አትሰርዝ። ራሷ አርማ ስትወርድ 3ኛው ቀኝ 2x + 7 ይሆንና 1 ላይ ትደርሳለች። በ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና መልስ ብቻ ስለሚመረጥ እንዲህ ያለ ስህተት የት ጋ እንደተሠራ የሚያይ የለም፤ መታየት ያለበት አሁን፣ ደብተሯ ላይ ነው።

ግምቴ ልክ መሆኑን ማረጋገጥ ከፈለግህ `9 − (x − 4) = 3` የሚለውን ላክላት። መልሱ 10 ነው። 2 ብላ ከመለሰች ችግሩ እዚያችው ማይነስ ላይ ነው። 10 ካለች ግን ያኛው የችኮላ ነበር።